ሁለት ጊዜ የተመዘነችው ልጅ

ክሊኒኩ ውስጥ ከነበሩት ዕቃዎች ሁሉ የምጠላው ሚዛኑን ነበር። የሕፃናቱ ሚዛን ከምሰሶ ላይ የሚንጠለጠል ዓይነት ነበረ፤ መንጠቆው ተሰብሮ ለጥገና ተላከና በዚያው ጠፋ። ስንጠይቅ «ኬሾ» ይሉናል፣ በስዋሂሊ ነገ ማለታቸው ነው። እኛም በትልቅ ሰው ሚዛን መሥራት ጀመርን። እናት ልጇን እንዳዘለች ትወጣለች፣ ቁጥሩ ይነበባል። ከዚያ ልጇን ለእኔ ሰጥታ ብቻዋን ትወጣለች። ትንሹን ከትልቁ ስትቀንሺ የሚተርፈው የልጁ ክብደት ነው። የሚዛኑ መርፌ ሰው ሲወጣበት ብዙ ይወዛወዛል፣ እስኪረጋ መጠበቅ አለብሽ፣ እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ መጠበቅ አይሆንልኝም።

ክሊኒኩ ናይሮቢ ውስጥ፣ ከኢምባካሲ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ያለ፣ በቤተ ክርስቲያን የሚተዳደር አነስተኛ የሕፃናት ክሊኒክ ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ ሲመጣ መነጋገር አይቻልም፣ ዝናብ ሳይኖር ደግሞ የአውሮፕላን ማረፊያው ቅርብ ስለሆነ አውሮፕላን ያልፍብናል። እኔ አገር ቤት ነርስ ሆኜ ሠርቻለሁ። በደርግ ጊዜ ወጣሁ፤ ለምን እንደ ወጣሁ የዚያን ዘመን ሰው አይጠይቀኝም። ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ አንዲት ሐኪም ተቀብላ ሥራ ባትሰጠኝ ኖሮ ምን እሆን እንደነበር አላውቅም።

ሐኪሟ ኬንያዊት ናት። አጭር፣ ድምፀ ጎርናና፣ ሁልጊዜ ፀጉሯ ውስጥ እስክሪብቶ የሰካች ሴት ነበረች። ሕሙማን እንኳን «ዶክተር፣ እስክሪብቶሽ የት ሄደ?» ብለው ይቀልዱባት ነበር፣ እየፈለገችው ራሷ ላይ ስለምታገኘው። ተናድዳ የምትጮኽብኝ አንድ ነገር ላይ ብቻ ነው፤ በደም ሥር የሚገባ የውኃ ጠርሙስ ከሰቀልኩ በኋላ ዞር ካልኩ። «ጠርሙሱ ምን ያውቃል?» ትለኛለች። «ጠርሙሱን እያየሽ ልጁን ረሳሽው!»

እኔ አገሬ የተማርኩት ጠርሙስ ከተሰቀለ እስኪያልቅ ነው። የአገራችን ሰው ውስጡ ምንም ይሁን ምን ግሉኮስ ይለዋል። ግሉኮስ ተሰቀለለት ከተባለ ዘመድ እፎይ ይላል፤ ካላለቀ ደግሞ ሕክምናው የተሰረቀ ይመስለዋል። በውኃ እጥረት ሾክ ውስጥ ለገባ፣ ደሙ መዞር ላቃተው ልጅ ግን ግሉኮስ ብቻውን አይሆንም፣ ከደም ሥር ወጥቶ ይበተናል። የሚሰጠው የደሙን ጨው የመሰለ ውኃ ነው፤ እኛ ሪንገር ነበር የምንጠቀመው። ስንት እንደሚሰጥና ከሰጠሽ በኋላ ምን እንደምታደርጊ ያስተማረችኝ እሷ ናት። ቀላል ነው የሚመስለው። ለአንድ ኪሎ ሃያ ሚሊ፣ በፍጥነት። ከዚያ ማቆም። ማቆም የሚለውን ነው ለመማር ዓመት የፈጀብኝ።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ ነው፣ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበር። አንዲት የአገሬ ልጅ ከማታቱ፣ ከከተማው ሚኒባስ ታክሲ፣ ወርዳ ጭቃውን እየረገጠች ገባች። ልጇን በቆዳ አንቀልባ አዝላለች፣ ዛጎል የተሰፋበት፣ እውነተኛ የባላገር አንቀልባ። ናይሮቢ ውስጥ እንዲህ ያለውን አይቼ ስለማላውቅ ዓይኔ እዚያው ቀረ። ሳውዝ ሲ የሚባለው ሰፈር የአገር ሰዎች ቤት ተጠግታ እንደምትኖር፣ እዚያ ያሉት ሴቶች «ሐበሻ ሲስተር አለች» ብለው እንደላኳት በአንድ ትንፋሽ ነገረችኝ። ልጅቷ ሁለት ዓመቷ ነው። ሦስት ቀን ተቅማጥና ትውከት ይዟታል።

«ውኃ አጠጥተሻታል?»

«የለም፣ ሲስተር። ውኃ ይብስባታል ብለው ከለከሉኝ።»

ጥርሴን ነከስኩ። ያችን ምክር የሚሰጡትን ሴቶች ሁሉ በአንድ ማታቱ ጭኜ ሞምባሳ ብልካቸው ደስ ይለኝ ነበር። እሷን ግን ምን ልበላት? የሷ ጥፋት አይደለም፣ እኔም አገር ቤት ሳለሁ የገዛ አክስቴ ስትመክረው ሰምቻለሁ።

ሚዛኑ በሩ አጠገብ ስለሆነ እንዳዘለቻት ወደዚያ መራኋት። ወጣች፣ አነበብኩ። ልጅቷን ፈትታ ሰጠችኝ። ክንዴ ላይ ስትወድቅ አንገቷ አልጸና አለ፣ ዓይኖቿ ጎድጉደው በግማሽ ተከድነዋል፣ አታለቅስም። «አሁን ብቻሽን ውጪ» አልኳት። ፊቷ ክው አለ። አንቀልባውን አግዳሚው ላይ አስቀምጣ፣ ጀርባዋን ሰጥታን ጋቢዋን ስታስተካክል ትንሽ ቆየች። «ቶሎ በይ እንጂ እናቴ!» አልኳት። ወጣች። ልዩነቱ አሥር ኪሎ መጣ።

ሐኪሟ ልጅቷን ተቀብላ አልጋ ላይ አስተኛቻት። መጀመሪያ እግሯን ነው የያዘችው፤ ሁልጊዜ ከእግር ነው የምትጀምረው። ከጣቷ እስከ ጉልበቷ በረዶ ነበር። የእጇን የደም ሥር ምት ፈለገች፣ ቀጭንና ፈጣን ሆኖ በጭንቅ አገኘችው። የደረቷን አጥንት በጣቷ ተጭና ለቀቀች። ቀይ ሆኖ መመለስ የነበረበት ቆዳ ነጭ እንደሆነ ቆየ፤ እየቆጠረች ጠበቀች፣ አምስት ስትል ነው ቀለሙ የተመለሰው። የጤነኛ ልጅ ሁለት ሳይሞላ ይመለሳል። የሆዷን ቆዳ ቆንጥጣ ብትለቀው እንደ ድንኳን ቆሞ ቀረ።

«ስንት ኪሎ?»

«አሥር።»

«በዕድሜዋ አሥራ ሁለት ብንጠብቅ፣ የጎደለው በተቅማጥ የሄደው ውኃ ነው» አለች። ተስማማሁ። ለሁለታችንም ልክ መሰለን።

ኦክስጅን ፊቷ ላይ አደረግን። ሐኪሟ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የደም ሥር አግኝታ መርፌ አስገባች። ሪንገሩን ሰቀልኩ፣ ነገር ግን በጠብታ አይደለም የሚሰጠው። በትልቁ ሃምሳ ሚሊ መርፌ ከጠርሙሱ እየሳቡ መግፋት ነው። አሥር ኪሎ በሃያ፣ ሁለት መቶ ሚሊ፤ አራት ጊዜ መሳብ፣ አራት ጊዜ መግፋት። የመጀመሪያውን ከመግፋቴ በፊት ሐኪሟ እጇን ከልጅቷ የቀኝ ጎድን አጥንት ሥር አስገብታ ጉበቷን ዳሰሰች። ከዚያ እስክሪብቶዋን ከፀጉሯ ነቅላ፣ የጉበቱ ጠርዝ ያለበት ቦታ ላይ ሰማያዊ መስመር ሳበች። ትንፋሿንም ቆጠረች፣ ሳንባዋንም ሰማች። «አሁን ግፊ» አለችኝ።

ሐኪሟ ያንን መስመር ስትስብባት እናትየዋ አይታ እጇን አፏ ላይ አደረገች። «ሆዷን ልትቀዳት ነው?» ብላ በሹክሹክታ ጠየቀችኝ። «ማንም ሆዷን አይቀዳትም» አልኳት፣ እጄ እየገፋ። ሐኪሟ የመስመሩን ምክንያት ስትነግረኝ ከዚህ በፊት ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁ። ውኃ ከበዛና ልብ መግፋት ካቃተው ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ጉበት ያብጣል፣ ሳንባም ይረጥባል። የነበረበትን ቦታ ካላወቅሽ ደግሞ ማበጡን አታውቂም። ዓይን ይረሳል፣ ቀለም አይረሳም ትላለች።

አራተኛውን ገፍቼ ስጨርስ አቆምን። ጠርሙሱ ገና ሙሉ ነበር ለማለት ይቻላል። እናትየዋ ጠርሙሱን አየች፣ እኔን አየች። «አለቀ እንዴ? ለምን ተውሽው?» አለችኝ። ገንዘብ ስለሌላት ያቆምንባት መስሏት ነው። «አልተውነውም። ልጅሽን ልንጠይቃት ነው» አልኳት።

ሐኪሟ ከእግሯ ጀመረች። ቅዝቃዜው ከጉልበት ወርዶ ከቁርጭምጭሚት በላይ ትንሽ ቀርቷል። ደረቷን ተጭና ስትለቅ አራት ቆጠረች። ምቱ ትንሽ ተሞልቷል፣ ፍጥነቱ ግን እንዳለ ነው። ልጅቷ ስትቆነጠጥ ፊቷን አጨማደደች፣ ዓይኗን ግን አልገለጠችም። ጉበቷ መስመሩ ላይ ነው። ሳንባዋ ንጹሕ ነው። «ተሽሏታል፣ ግን ከሾክ አልወጣችም» አለች ሐኪሟ። «አንድ ጊዜ ይደገም። ልክ ያንኑ ያህል።»

እንደገና ሁለት መቶ። ሁለተኛውን መርፌ ስገፋ ልጅቷ አቃሰተች። ሦስተኛው ላይ ዓይኗን ገለጠች። እናትየዋ እልል ልትል ምንም አልቀራት፣ አፏን በጋቢዋ አፈነች። እኔም ደስ አለኝ፣ ደስታዬን የምደብቅ ሰው አይደለሁም። «አየሽ? አየሽ?» እያልኩ አራተኛውን ገፋሁ።

ከዚያ ደግሞ አቆምን። ሐኪሟ እግሯን ያዘች፣ ሞቋል። ተጭና ለቀቀች፣ ሦስት። ጆሮዋ ላይ ማዳመጫውን ሰክታ ጎንበስ ስትል አውሮፕላን መጣብን። ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። እሷ እንደተጎነበሰች ቆየች፣ ዓይኗ ግን የልጅቷ ደረት ላይ ነበር። እኔም አየሁት። ደረቷ ከቅድሙ ይልቅ ቶሎ ቶሎ ነው የሚነሣው። አፍንጫዋ ይከፈታል። አውሮፕላኑ ሄዶ ጸጥታ ሲመጣ ሐኪሟ ከኋላ በኩል የሳንባዋን ግርጌ ሰማች። ማዳመጫውን ለእኔ ሰጠችኝ። ፀጉርሽን ጆሮሽ አጠገብ በሁለት ጣት ስታሺው የሚሰማው ድምፅ ነበር፣ ቅድም ያልነበረ። ቀጥላ እጄን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። ጉበቷ ከሰማያዊው መስመር ሁለት ጣት ያህል ወርዷል።

«ባሲ» አለች ሐኪሟ። በስዋሂሊ በቃ ማለት ነው። ጠርሙሱን ዘጋሁት፣ የደም ሥር መርፌውን ግን አልነቀልንም፤ ሾኩ ከተመለሰ ያስፈልጋል። አልጋውን በራስጌ በኩል ከፍ አደረግነው፣ ኦክስጅኑን ጨመርን።

እናትየዋ የገባት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ልጇ ዓይኗን በገለጠች ጊዜ መድኃኒቱ ተቋረጠ። «ሲስተር፣ በእግዚአብሔር! አሁን ሲሻላት? ገና ግማሹ አለ እኮ!» ልብሴን ያዘች። እውነቱን ልናገር፣ ፈርቼ ነበር፣ ስፈራ ደግሞ እቆጣለሁ። «ተዪኝ! ግማሹን ብጨምርላት ትሰጥማለች!» ብዬ ጮኽኩባት። ቀስ ብላ ለቀቀችኝ፣ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ አለች።

ሐኪሟ አልጮኸችም። ግራ ገብቷት ቆማ ነበር። «ይህ ለአሥር ኪሎ ልጅ ብዙ አልነበረም» አለች ለራሷ ይመስል። «ተቅማጥ ሦስት ቀን ያደረቃት ልጅ ከዚህ ይበልጥ ትጠጣለች። አንድ ነገር ልክ አይደለም።» ልጅቷ የተጠቀለለችበትን ገልጣ ክንዷን በሁለት ጣቷ ለካች። ቂጧን አገላብጣ አየች። ቆዳው ተንጠልጥሎ ነበር፣ ሰፊ ሱሪ የለበሰች ይመስል። እኛ ቅድም ቆዳዋ ሲቆነጠጥ አልመለስ ያለው በውኃ እጥረት ነው ብለን ነበር። ሥጋ የሌለው ቆዳም እንደዚያው ነው የሚሆነው። «እዚህ አሥር ኪሎ አይታየኝም» አለች ሐኪሟ። «ስትመዝኛት ምን ለብሳ ነበር?»

ልጅቷን አንሥቶ ሚዛን ላይ ማንገላታት አይታሰብም። የታዘለችበትን ላምጣ ብዬ ወደ አግዳሚው ሄድኩና አንቀልባውን አነሣሁ። ክንዴ ወደ ታች ወረደ። ቆዳው ከነዛጎሉ ከባድ ነው፣ ያን ያህል ግን አይከብድም። ውስጡ መቀነት ተጠቅልሎ ነበር፣ መቀነቱም ውስጥ ነገር አለ።

እናትየዋ እንደ ነብር ዘላ ደረሰችብኝ። «ስጪኝ! እሱን ስጪኝ!» መቀነቱን ከእጄ ልትነጥቅ ስትስብ አንዱ ጫፍ ተፈታና ብር መሬት ላይ ተንኳኳ። አልቦ፣ የአንገት ጌጥ፣ ማርትሬዛ። ሁሉም ያረጀ የባላገር ብር። ተንበርክካ በሁለት እጇ ሰብስባ ደረቷ ላይ አቀፈችውና ማልቀስ ጀመረች።

«የባሌ እናት ናት የሰጠችኝ» አለችኝ፣ ቃሏ በእንባ እየተቆራረጠ። ባሏ ታስሯል። አማቷ ያላትን ሁሉ አውጥታ፣ ለክፉ ቀን ብላ፣ ወገቧ ላይ አስራ ላከቻት። ሞያሌ ኬላው ላይ ሰዎች ሲፈተሹ አጠገቧ የነበረች ሴት ያላትን ሁሉ ተወሰደባት። እሷን ልጇ ስታለቅስ ሰልችቷቸው አለፏት። ከዚያ ወዲህ መቀነቱን ለማንም አላሳየችም፣ ባስጠጓት ሰዎች ቤት እንኳን ስትተኛ አትፈታውም። «ሚዛን ላይ ውጪ ስትዪኝ ምንም አልመሰለኝም። ሁለተኛ ብቻሽን ስትዪኝ ግን ያወቃችሁብኝ መሰለኝ። ልትፈትሹኝ መሰለኝ። ፈትቼ እዚያ ከተትኩት።»

ብሩን ለምኜ ተቀብዬ መቀነቱ ውስጥ መለስኩና አንቀልባውንና መቀነቱን ይዤ ሚዛን ላይ ወጣሁ፣ ያለነሱም ወጣሁ። መርፌው እስኪረጋ ጠበቅኩ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ጠብቄ አላውቅም። ሁለት ኪሎ። የመጀመሪያው ሚዛን ላይ ከእናትየዋ ጋር ነበሩ፣ ሁለተኛው ላይ አልነበሩም፤ እኛ ደግሞ ሁለቱን ኪሎ ለልጅቷ ሰጥተናታል። ልጅቷ ስምንት ኪሎ ናት።

ለሐኪሟ ተረጎምኩላት። እንድትቆጣ ጠብቄ ነበር፤ እኔ በሷ ቦታ ብሆን ቆርቆሮውን በጩኸት አነሣው ነበር። እሷ ግን እዚያው ቆማ በጣቷ አሰላች። በእያንዳንዱ ጊዜ መቶ ስልሳ መስጠት ሲገባን ሁለት መቶ ሰጥተናል። ለኪሎ አርባ ያልነው ሃምሳ ሆኗል። «ትርፏ ሰማንያ ሚሊ ብቻ አይደለችም የጎዳችን» አለችኝ። «በሁለት ዓመቷ ስምንት ኪሎ ከሆነች የከሳች ልጅ ናት። ከመታመሟ በፊትም ተርባ ነበር። የከሳ ልጅ ልብም የከሳ ነው፣ ይህን ሁሉ ውኃ በአንዴ አይችለውም። ከመጀመሪያው ብናውቅ አሳንሰን፣ በቀስታ እንሰጣት ነበር።» ከዚያ እናትየዋ አጠገብ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ያዘች። «ማማ፣ ፖሌ» አለቻት። አይዞሽ ማለቷ ነው። እናትየዋ ስዋሂሊ አታውቅም፣ ይህንን ግን ለመረዳት ማወቅ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ የሆነው መጠበቅ ብቻ ነው። መጠበቅ ደግሞ የኔ ፀባይ አይደለም። በሁለት በኩል ነበር የምንፈራው። ውኃው ሳንባዋ ውስጥ ከቀረ ትታፈናለች፤ ተቅማጡ ከቀጠለ ደግሞ ያ የሞቀ እግር ይቀዘቅዝና ወደ ሾኩ ትመለሳለች፣ እኛ ደግሞ አሁን እንደልባችን መስጠት አንችልም። ሐኪሟ ሌሎች ሕፃናትን እያየች በየመሐሉ ትመለሳለች። እግር፣ ምት፣ ደረቷን ተጭኖ መልቀቅ፣ ትንፋሽ መቁጠር፣ ሳንባ፣ መስመሩ። ሁልጊዜ በአንድ ቅደም ተከተል። እሷ በሌለችበት እኔ ነኝ የማደርገው። እናትየዋ ግድግዳው ሥር ሆና እጄን ትከተላለች፤ እጄ እግሯ ላይ ሲቆይ ትንፋሿን ትይዛለች።

«ምን ትላለች?» ብላ ጠየቀችኝ በመጨረሻ። ልጄ እንዴት ናት አላለችኝም። ልጅሽን ልንጠይቃት ነው ያልኳትን ይዛው ነው።

«እግሬ ሙቅ ነው ትላለች» አልኳት። «ትንፋሼን ግን ጠብቁኝ ትላለች።»

አመሻሽ ላይ፣ ጣሪያው ላይ ፀሐይ ስትቀላ፣ ትንፋሿ መርጋት ጀመረ። መጀመሪያ አላመንኩም፣ ቆጥሬ እንደገና ቆጠርኩ። አፍንጫዋ መከፈቱን ተወ። ሐኪሟን ጠራኋት። መጥታ ሳንባዋን ሰማች፣ አንገቷን ነቀነቀች፣ እንደገና ሰማች። ጉበቷን ዳሰሰች፣ ወደ መስመሩ እየተመለሰ ነበር። ደረቷን ተጭና ለቀቀች፣ «አንድ፣ ሁለት» አለችና መቁጠሩን ተወች፣ ቀለሙ ተመልሷል። ልጅቷን ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷ ጭን ላይ ቀና አድርገን አስቀመጥናት። ጥቂት ቆይታ እናትየዋ ጮኸች። ምንድነው ስላት ቀሚሷን አሳየችኝ፣ ጭኗ ላይ እርጥብ ነው። ልጅቷ ሸንታለች። ከማለዳ ጀምሮ ጠብ ያላለላት ሽንት።

ሐኪሟ ያንን ቀሚስ እንደ ሽልማት ነበር የተቀበለችው። እኔ አለቀስኩ። ሽንት አይቶ የሚያለቅስ ሰው ከፈለጋችሁ እኔ ነኝ፣ ይህንን ማንም ሊስቅብኝ ይችላል።

ከዚያ በኋላ መርፌውን ተውነውና በአፏ ጀመርን። የጨውና የስኳር ውሕዱን በማንኪያ፣ እየጠበቅን፣ እንዳታስመልስ። ቆየት ብሎ ቀጭን ወተት፣ ጥቂት በጥቂት። ማንኪያውን ለእናትየዋ ሰጠኋትና «ፖሌ ፖሌ» አልኳት፣ ቀስ በቀስ ማለት ነው። ተቀበለችኝ። «ፖሌ ፖሌ» እያለች አጠጣቻት። ውኃ የተከለከለች እናት ውኃ በእጇ ስታጠጣ ፊቷ ላይ ያየሁትን መቼም አልረሳውም።

በማግሥቱ ልጅቷን ላጥባት ስል እናቷ አላስነካም አለችኝ፤ መስመሩ እንዳይለቅ። የልጅቷ አንገት ላይ ክታብ ነበረ፣ መስመሩንም ከሱ እኩል አድርጋ ይዛዋለች። ሐኪሟ ስትሰማ ሳቀች። «ንገሪያት፣ አሮጌው ካልጠፋ አዲሱን የት እስባለሁ?» እናትየዋ ትንሽ አሰበችና «አዲስ ባያስፈልግስ?» አለች። እኛም በራሱ እስኪለቅ ተውነው።

ሐኪሟን አሁን ሳስባት ከምስጋና በቀር ሌላ ነገር አይመጣልኝም። የሰው ልጅ እንደሚሳሳት፣ ሚዛን እንደሚዋሽ፣ ፍርሃት ሰውን እንደሚያስደብቅ አስቀድማ ታውቅ ነበር፤ ስለዚህ ነው መሃል ላይ የምታቆመው። ያቺን ልጅ ያተረፋት ሃያው ሚሊ ነው እላለሁ። ሦስተኛውን ሃያ ያላስገፉን እጇና ሰማያዊው መስመርም ናቸው እላለሁ። እናትየዋንም አመሰግናለሁ። ያን ቀን አብጠልጥዬ ስጮኽባት ልብሴን መልቀቋን አመሰግናለሁ።

ልጅቷ ድና ስትወጣ እናቷ በየሳምንቱ ለሚዛን እንድታመጣት ቀጠሮ ሰጠናት፣ ትመጣለች ብዬ ግን አላሰብኩም። መቀነቱን ካየንባት ወዲህ ፈርታ ትቀራለች አልኩ። ከሳውዝ ሲ እስከ ክሊኒኩ ሁለት ማታቱ ነው፣ ሰበብ ለሚፈልግ ሰው በቂ ነው።

መጣች። በሳምንቱ ማለዳ ነበር፣ አግዳሚው በእናቶች ሞልቷል። ተራዋ ሲደርስ ልጅቷን እንዳዘለች ወደ ሚዛኑ መጣችና ከመውጣቷ በፊት ቆመች። ያንን ሁሉ ሰው አላየችም። ጋቢዋን ገልጣ፣ ወገቧ ላይ ያለውን መቀነት በሰው ሁሉ ፊት ቀስ ብላ ፈታችው። ብሩ ሲንኳኳ ሁለት ሴቶች ዞር ብለው አዩ። አንቀልባውንም ፈትታ ልጅቷን በክንዷ ያዘች። ከዚያ ሞያሌ ላይ ያተረፈችውን፣ ስትተኛ የማትፈታውን፣ የአማቷን የክፉ ቀን ስንቅ ሁሉ ከነአንቀልባው እጄ ላይ አስቀመጠችው።

«ያዢልኝ፣ እህቴ» አለችኝ። «ልጄ ብቻዋን ትመዘን።»

ከነልጇ ወጣች፣ ከዚያ ልጇን ለሐኪሟ ሰጥታ ብቻዋን ወጣች። እኔ መቀነቱን በሁለት እጄ ታቅፌ መርፌው እስኪረጋ ጠበቅኩ። ልጅቷ ሐኪሟ እቅፍ ውስጥ ሆና እናቷን ፈልጋ ታለቅሳለች፣ ጉንጯ ላይ እንባ ይወርዳል። ዘጠኝ ኪሎ ነበረች።